ለጠይም ፊት 45ቱን ዲግሪ ለማጀንታ ስጡት

አንድ የታወቀ ሰው ሲሞት፣ ሲታሰር ወይም ሲሸለም በዚህ በቴሌግራም መንደራችን ቀኑ ሳይመሽ ብቅ የሚል አንድ ምስል አለ። የሰውዬው ፊት በነጥብ ተሞልቷል፤ ጀርባው ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ ነው፤ ከሥሩ ስሙ በወፍራም ፊደል ተጽፏል። «ፖፕ አርት» ይባላል። ቻናሎች ይቀባበሉታል፣ ቲሸርት ላይ ይታተማል፣ ለሙት ዓመት በባነር ይሰቀላል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ምስል ነው። የፖለቲካ ትንታኔ ጠብቃችሁ የመጣችሁ ወዳጆች ትንሽ ታገሱኝ፤ የሰው ፊት በአደባባይ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣም የአደባባይ ጉዳይ ነው።

ቅሬታዬ አጭር ነው። በእነዚህ ምስሎች ውስጥ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሰል መስሎ ይወጣል። ፎቶው ላይ የቀይ ዳማ የነበረው ወጣት፣ ጠይሟ ዘፋኝ፣ ብስል ቀይ የነበሩት አዛውንት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቀርሻ ይሆናሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተለመደው የስልክ ፊልተር የሚያደርገው ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ በላዩ ላይ አንድ የጥቁር ነጥብ መጋረጃ መጣል ብቻ ነው። ቋንቋችን ስለ ቆዳ ቀለም ከፊልተሩ የበለጠ ያውቃል። የአገራችንን ሰው «ቀይ» ብለን የምንጠራው በከንቱ አይደለም። ጠይም ቆዳ ውስጥ ቀይ አለ፣ ቢጫም አለ፤ ጥቁር ግን ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው። ይህን በነጥብ ማሳየት የሚችል ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የኅትመት ዘዴ አለ። እኛ ዘዴውን ትተን መልኩን ብቻ ወረስን።

ዘዴው ከምን ተነሣ? የማተሚያ ማሽን ግራጫ አያውቅም። ጥቁር ቀለም ያረፈበት ቦታ ጥቁር ይሆናል፣ ያላረፈበት የወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ መሐል ላይ ያለ ነገር የለውም። ፎቶግራፍ ደግሞ ሁለመናው መሐል ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1852 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት ላይ ለዚህ ችግር ያቀረበው መላ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይመስልም። በፎቶውና በሚታተምበት የብረት ሳህን መካከል ስስ ጨርቅ አስገባ፤ እንደ ነጠላ ብርሃን የሚያሳልፍ ሳሳ ያለ ሽመና። ምስሉ በክሮቹ መካከል ሲያልፍ ተቆራርጦ ጥቃቅን ሆነ። በ1880 ኒው ዮርክ ይታተም የነበረው ዴይሊ ግራፊክ የተባለ ጋዜጣ የአንድ ድሃ ሰፈር ፎቶ በዚህ በተቆራረጠ መንገድ አተመ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ መስመር በተሰመረበት መስታወት፣ መስታወቱም በኮምፒውተር ስሌት ተተካ እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም። ጠቆር ባለ ቦታ ነጥቡ ይተልቃል፣ ፈካ ባለ ቦታ ያንሳል፤ ከአንዱ ነጥብ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት ግን ሁልጊዜ እኩል ነው። ዓይናችን ከሩቅ ነጥቡንና ወረቀቱን ቀላቅሎ ግራጫ ያያል። ሃፍቶን ማለት ይኸው ነው። ጋዜጣ ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ ወደ 85 የነጥብ ረድፍ ይገባል፣ ጥሩ መጽሔት ላይ ወደ 150። አጉሊ መነጽር ካልያዛችሁ አታዩአቸውም።

ምስሉ ባለቀለም ሲሆን በአራት ይከፈላል። አንዱ ሳያን የሚባለው ውሃ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ማጀንታ የሚባለው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ፣ ሦስተኛው ቢጫ፣ አራተኛው ጥቁር። እያንዳንዳቸው ቻናል ይባላሉ። (አዎ፣ እንደኛው። ግን እነዚህ አራቱ እርስ በርስ ይደማመጣሉ።) እያንዳንዱ ቻናል የራሱ ነጥብ አለው፤ አራቱ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ሲታተሙ ምስሉ ሙሉ ይሆናል።

ማዕዘን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ነጠላ ደራርባችሁ በመስኮት ብርሃን ፊት ዘርጉ። የላይኛውን በትንሹ ብታዞሩት ከሽመናው እጅግ የሚሰፋ፣ የውሃ ሞገድ የመሰለ ጥለት ይታያችኋል። ያ ጥለት ከሁለቱ ጨርቆች በአንዱም ላይ የለም፤ የሚወለደው በመደራረባቸው ነው። ባለሙያዎቹ ሞዋሬ ይሉታል። ጨርቁን ይበልጥ ባዞራችሁት መጠን ሞገዱ እየጠበበ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ከሽመናው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። የነጥብ ረድፎችም እንዲሁ ናቸው። የሞገዱን ስፋት L፣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት p፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለውን ማዕዘን θ ብንላቸው ስሌቱ ይህ ነው፦

```
L = p / (2 · sin(θ/2))
```

ልዩነቱ 30 ዲግሪ ሲሆን ሞገዱ የነጥብ ርቀቱን እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ አይታይም። 15 ዲግሪ ሲሆን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። 5 ዲግሪ ሲሆን ከ11 እጥፍ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ምስሉ በሞገድ ይወረራል።

ችግሩ ቦታ ማነሱ ነው። በአራት ማዕዘን የተደረደረ ነጥብ 90 ዲግሪ ሲዞር ራሱን ይመስላል፤ ስለዚህ ለአራቱም ቀለሞች ያለን ጠቅላላ ርስት 90 ዲግሪ ብቻ ነው። በ30 ስታካፍሉት ለሦስት ይበቃል፣ ለአራት አይበቃም። የድሮዎቹ አታሚዎች ያደረጉትን ዛሬም ሁሉም ያደርገዋል። ሦስቱን ጎላ ጎላ ያሉ ቀለሞች በ30 በ30 አራራቋቸው፦ ሳያን 15፣ ጥቁር 45፣ ማጀንታ 75። ቢጫ ደካማ ስለሆነና ሞገዱም ስለማይጎላ በሳያንና በማጀንታ መካከል፣ ከሁለቱም በ15 ዲግሪ ብቻ ርቆ፣ ዜሮ ላይ አስቀመጡት፤ ዜሮና 90 አንድ ናቸው። ጥቁር 45ን ያገኘው የሰው ዓይን በሰያፍ የሚሄድ ረድፍን ቀጥ ብሎ ከቆመው ወይም ከተጋደመው ያነሰ ስለሚያስተውል ነው። ከሁሉ የሚጎላው ቀለም ከሁሉ በሚደበቀው ማዕዘን ላይ ይቀመጥ፤ ሕጉ ይህ ነው።

ወደ ፖፕ አርት ልመለስ። ነጥብ ሲነሣ ሁሉም የሚጠራው አሜሪካዊውን ሮይ ሊክተንስታይንን ነው። የእሱ ነጥብ ግን ሃፍቶን አይደለም። ቤን ዴይ ይባላል፤ በ1879 መብቱን ባስመዘገበው በቤንጃሚን ዴይ ስም የሚጠራ፣ ርካሽ የኮሚክ መጽሔቶች ይጠቀሙበት የነበረ ዘዴ ነው። የቤን ዴይ ነጥብ በአንድ ቦታ ላይ ሁሉም እኩል ነው፤ ጥላና ብርሃን የማያውቅ፣ ለጥ ያለ ቀለም ለማቅለል ብቻ የሚያገለግል። የሊክተንስታይን ሴቶች ቆዳ ነጭ ሸራ ላይ የተደረደረ ቀይ ነጥብ ነው፤ ከርቀት ሮዝ ሆኖ ይታያል። አዘገጃጀቱን አስተውሉት። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ነጩ ነው፣ ነጥቡ ማጣፈጫ ነው። ይህ ለነጭ ቆዳ የተሠራ አዘገጃጀት ነው። ጠይም ፊት ላይ ስታመጡት ነጩ ወረቀት ሥራ የለውም፤ ቆዳውን የሚሠሩት የሚደራረቡት ቀለሞች ናቸው። የእኛ ዲዛይነሮች ሊክተንስታይንን ሲኮርጁ ነጭ ላይ የሚበተነውን ነጥብ ወሰዱ፤ ፊቱ ጠይም ስለሆነባቸው ነጥቡን ቀይ በማድረግ ፋንታ ጥቁር አደረጉት። ከሰሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ለእኛ የሚበጀው ሌላ ሰው ነበር። ፈረንሳዊው አላን ዣኬ በ1964 የኤድዋር ማኔን «በሣር ላይ ምሳ» የሚለውን ዝነኛ ሥዕል በዘመኑ ሰዎች አስመስሎ ፎቶ አነሣ፤ ፎቶውንም በአራቱ ቀለም ከፍሎ ነጥቦቹ በዓይን እስኪታዩ ድረስ አጉልቶ በሲልክ ስክሪን አተመው። ሲቀርቡት የቀለም ነጥብ ብቻ ነው፣ ሲርቁት የሰው ገላና ቅጠል ይሆናል። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ዚግማር ፖልከ፣ ኬኔዲን በመግደል የተጠረጠረውን የሊ ሃርቪ ኦስዋልድን የጋዜጣ ፎቶ በእጁ ነጥብ በነጥብ ሥሎት ነበር። ዜና የምትከታተሉ ሰዎች የፖልከን ሐሳብ ትወዱታላችሁ፤ በየጋዜጣው «ይኸው ሰውዬው» ተብሎ የታየው ፊት ቀርበው ሲያዩት የቀለም ጠብታ መሆኑን ነው ያሳየው። ለቀለም ግን መንገዱ የዣኬ ነው፤ አራት ቻናል፣ አራት ማዕዘን፣ ጎላ ያለ ነጥብ።

አሁን አንድ ምስል ይዘን እንሂድ። የማውቃቸው አንዲት መምህር አርፈው ቤተሰቡ ለሙት ዓመታቸው ኤ3 ፖስተር ፈልጎ ነበር። ልጆቻቸው የመጀመሪያውን ናሙና ሲያዩ ዝም አሉ፤ ታናሽየዋ ብቻ «እማዬ ይህን አትመስልም» አለች። እውነቷን ነበር። መምህርቷ የቀይ ዳማ ነበሩ፤ ናሙናው ላይ ግን ግንባራቸው ነጭ፣ ጉንጫቸው ጥቁር ሆኗል። ዲዛይነሩ ትጉ ወጣት ነው፣ የበደለው የተጠቀመበት ፊልተር ነው። ከዋናው ፎቶ ተነሥተን አብረን እንደገና ልንሠራው ተቀመጥን። ፎቶው የመስኮት ብርሃን ከጎን ያረፈበት ነው፤ መምህርቷ ነጠላ ጣል አድርገዋል፣ ከኋላቸው አረንጓዴ በር አለ።

መጀመሪያ የነጥቡን መጠን ወሰንን። ኤ3 ወረቀት በኢንች 300 ፒክሰል ሲሆን 3508 በ4961 ፒክሰል ይመጣል። በፎቶው ላይ ፊታቸው ከጆሮ እስከ ጆሮ 1200 ፒክሰል ያህል ነበር፤ ወረቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ሠዓሊዎች እንደሚሉት የፊት ስፋት አምስት ዓይን ያህል ነው። ዓይን ዓይን ለመምሰል በእኔ ግምት በወርዱ ቢያንስ ስድስት ነጥብ ይፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ብሌኑና ነጩ ይዋሐዳሉ፣ ሰውዬው የተኛ ይመስላል። አምስት በስድስት ሠላሳ ነው። 1200 ፒክሰል ለ30 ሲካፈል ለአንድ ነጥብ 40 ፒክሰል ይደርሳል፤ በኢንች 7.5 ረድፍ ማለት ነው። በነጥቦቹ መካከል 3.4 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ። ከሁለት ክንድ ሲታይ ነጥብ፣ ከክፍሉ ማዶ ሲታይ ፊት።

ቀጥሎ ወደ አራት ቀለም መክፈል። አብዛኛው ሰው ፎቶሾፕ ውስጥ ዝም ብሎ `Image > Mode > CMYK Color` ብሎ ያልፋል፤ የጠይም ፊት ዕጣ ግን የሚወሰነው ከዚያ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ነው። ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫ አንድ ላይ ሲደራረቡ ከመካከላቸው ግራጫ የሚሆን ድርሻ አለ፤ ሶፍትዌሩ ያንን ድርሻ አውጥቶ በጥቁር ቀለም መተካት ይችላል። ቀለም ይቆጥባል፣ ለጋዜጣም ጥሩ ነው። ለእኛ ነጥብ ግን መርዝ ነው፤ ጥቁሩ ጉንጭ ላይ ትልልቅ ነጥብ ሆኖ ይወጣልና። ስለዚህ `Edit > Color Settings` ውስጥ ገብተን ከ`CMYK` ዝርዝር `Custom CMYK` የሚለውን መረጥንና `Black Generation` የሚለውን `Light` ላይ አደረግነው። ከዚያ በኋላ ነው ፎቶውን የቀየርነው። ጉንጫቸው ላይ ስናነበው ሳያን ወደ 30 በመቶ፣ ማጀንታ 60፣ ቢጫ 70፣ ጥቁር 5 ያህል ነበር። ጥቁሩ ወደ ፀጉራቸው፣ ወደ ቅንድባቸውና ከአገጫቸው ሥር ወዳለው ጥላ ሄዷል። «የቀይ ዳማ» የሚለውን ቃል በቁጥር ጻፉት ብትሉኝ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከዚያ ምስሉን `Flatten Image` ብለን፣ ከ`Channels` ሰሌዳ `Split Channels` ስንል አራት የተለያዩ ግራጫ ምስሎች ሆነ። እያንዳንዱን `Image > Mode > Bitmap` ውስጥ አስገባን፤ `Method` ላይ `Halftone Screen`፣ `Frequency` ላይ 7.5፣ `Shape` ላይ `Round`፣ `Angle` ላይ የየቀለሙን ማዕዘን ሰጠን። መጀመሪያ የታወቀውን ነው የሰጠነው፤ ሳያን 15፣ ማጀንታ 75፣ ቢጫ 0፣ ጥቁር 45። አራቱን ወደ ግራጫ መልሰን በ`Merge Channels` አዋሐድናቸው።

ፊቱ መጣ። መምህርቷ መጡ። ነገር ግን ጉንጫቸውና ግንባራቸው ላይ አንዴ ቀላ፣ አንዴ ቢጫ የሚሉ ጠቃጠቆዎች ነበሩ፤ የእጅ አውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ በመደዳ የተሰለፉ። ዲዛይነሩ የፎቶው ጉድለት መሰለው። ፎቶው አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ ማወቂያው ቀላል ነው፤ በ`Channels` ሰሌዳ ላይ ቻናሎቹን አንድ በአንድ አጥፉ። ሳያንንና ጥቁርን ስናጠፋ ጠቃጠቆው አልሄደም። ቢጫን ስናጠፋ ግን ወዲያው ሄደ። ስለዚህ የማጀንታና የቢጫ ጠብ ነበር። በመካከላቸው ያለው 15 ዲግሪ ብቻ መሆኑን አስታውሱ። 3.4 ሚሊ ሜትርን በስሌቱ ብታስገቡት የሞገዱ ስፋት 13 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ፊት ላይ ይህ ማድያት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምከራከርበት ነጥብ አለኝ። የታወቀው የማዕዘን አመዳደብ ስሕተት አይደለም፤ ለጥቃቅን ነጥብ የተሠራ ነው። መጽሔት ላይ በኢንች 150 ረድፍ ሲሆን ያው የ15 ዲግሪ ሞገድ ከሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ ማንም አያየውም። ጋዜጣ ላይ እንኳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ አይዘልም። ነጥቡን ለፖፕ አርት ብላችሁ ስታጎሉት ግን ሞገዱም አብሮ ይጎላል። አመዳደቡ የቆመበት «ቢጫ ደካማ ነው፣ ማንም አያስተውለውም» የሚለው ግምትም ጠይም ፊት ላይ ይፈርሳል። ጠይም ፊት ውስጥ ብዙ ድርሻ ያላቸው ሁለቱ ቀለሞች ማጀንታና ቢጫ ናቸው፤ ሕጉ ደግሞ እነዚህኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

መድኃኒቱን የኅትመት ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል፤ የሰው ቆዳ የበዛበት ሥራ ሲመጣ ማጀንታንና ጥቁርን ቦታ ያለዋውጣሉ። ማጀንታ 45 ይሆናል፣ ጥቁር 75። አሁን ማጀንታ ከቢጫ በ45 ዲግሪ ራቀ፤ ሁለት የነጥብ ረድፎች ሊራራቁ የሚችሉት እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ሞገዱ ከ13 ሚሊ ሜትር ወደ 4.4 ወረደ፣ ነጥቦቹ ራሳቸው 3.4 በ3.4 በሆኑበት ምስል ውስጥ ተውጦ ቀረ። ከሳያን ጋር ያለው 30 ዲግሪ አልተነካም። ጥቁር በተራው የቢጫ ጎረቤት ሆኗል፤ ግን እኛ ጥቁርን ከቆዳው አስወጥተን ወደ ፀጉርና ወደ ጥላ ልከነዋል፣ እዚያ ደግሞ ቢጫ ከጥቁር ሥር ተቀብሯልና የሚጣላው የለም። ሁለቱ ውሳኔዎች የተያያዙት እዚህ ጋ ነው። ጥቁሩን ሳታቀሉ ማዕዘኑን ብቻ ብትለዋውጡ ጠቡን ከማጀንታ ወደ ጥቁር አዛወራችሁት እንጂ አልፈታችሁትም።

«ከሁሉ የሚጎላው ቀለም 45 ይሰጠው» የሚለውን የድሮ ሕግም አልጣስነውም። የመምህርቷ ፊት ላይ ከሁሉ የሚጎላው ማጀንታ ነው። ጥቁር የተሾመው ጋዜጣው በአብዛኛው ጥቁር ስለሆነ ነበር።

ይህን ሁሉ መከፋፈል የማይፈልግ ሰው ፎቶሾፕ ውስጥ አቋራጭ አለው፤ `Filter > Pixelate > Color Halftone`። ምስሉ አስቀድሞ ወደ `CMYK` መቀየሩን ብቻ አረጋግጡ። መስኮቱ ሲከፈት አራት ቁጥሮች ሞልቶ ይጠብቃችኋል፦ 108፣ 162፣ 90፣ 45። ቅደም ተከተላቸው ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ነው። ቁጥሮቹ እንግዳ ቢመስሉም የምናውቃቸው ናቸው። ከ108 ላይ 90 ስትቀንሱ 18፣ ከ162 ላይ 90 ስትቀንሱ 72 ይቀራል። ከ15ና ከ75 ትንሽ የሸሹት በፒክሰል መደዳ ላይ በትክክል ሊገጥም የሚችለው ማዕዘን 18.4ና 71.6 አካባቢ ስለሆነ ነው፤ ሦስት ፒክሰል ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ እንደሚሄድ ደረጃ አስቡት። ለጠይም ፊት ሁለተኛውንና አራተኛውን ሣጥን ብቻ ለዋውጡ፦ 108፣ 45፣ 90፣ 162። `Max. Radius` የሚለውን ዓይን ላይ ነጥብ እየቆጠራችሁ አስተካክሉት።

አሁን ሊበላሽ የሚችልበት የመጨረሻው ቦታ ማተሚያ ቤቱ ነው። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለውን ምስል ሁሉ በራሱ ጥቃቅን ሃፍቶን እንደገና ይነጥበዋል። የእናንተ ነጥብ ንጹሕ መቶ በመቶ ማጀንታ ከሆነ የሚነጠብ ነገር ስለማያገኝ እንዳለ ያትመዋል። በመንገድ ላይ ምስሉ `JPEG` ሆኖ ከታመቀ፣ መጠኑ ከተለወጠ ወይም ወደ `RGB` ሄዶ ከተመለሰ ግን የነጥቡ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ንጹሑ ማጀንታ ትንሽ ሳያን ትንሽ ቢጫ ይቀላቀልበታል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ነጥባችሁን በነጥብ ይሞላዋል። ለመምህርቷ ፖስተር የመጀመሪያው የሙከራ ኅትመት የደረሰበት ይኸው ነበር፤ ፋይሉን የተቀበለው ሠራተኛ ለሥራ እንዲቀለው ብሎ አሳንሶት ነበር። በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩ፤ በአንዱ ነጥብ ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን ነጥቦች ካሉ ፋይሉ ተነካክቷል ማለት ነው። `TIFF` አድርጋችሁ፣ `CMYK` እንደሆነ፣ በሚታተምበት ልክ ስጡ፤ በቴሌግራም ከላካችሁም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።

«ስልክ ላይ ለሚታይ ምስል ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ስልክ ላይማ ይብሳል። ቴሌግራም ፎቶውን ሲያሳንሰው የነጥቡ መደዳና የስክሪኑ ፒክሰል ራሳቸው ሞዋሬ ይፈጥራሉ። ለስልክ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ምስሉን በሚለጠፍበት መጠን ያሳንስ፣ ከዚያ ነጥቡን ይሥራ፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጠው ሌላ ሞገድ ይገጥመዋል።

ማዕዘን መለዋወጥ ለሁሉም ፊት ይሆናል ማለቴ አይደለም። በጣም ጠቆር ያለ ሰው በደብዛዛ ብርሃን የተነሣው ፎቶ ላይ ጥቁሩን ከቆዳው ማስወጣት አይቻልም፤ ጥቁር ራሱ ፊቱን ይሸከማል፣ 45ም ለእሱ ይገባዋል። ፎቶው ጥሩ ብርሃን ካለው ግን እዚያም ቢሆን ግንባርና ጉንጭ ላይ ከምትጠብቁት በላይ ማጀንታ ታገኛላችሁ፤ ከመወሰናችሁ በፊት ቁጥሩን አንብቡ። ሌላው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ የሳያንና የቢጫ ልጅ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አሁንም በ15 ዲግሪ ብቻ ነው የሚራራቁት። የመምህርቷ በር ፊታቸው ከጠራ በኋላም ሞገዱን እንደያዘ ነበር። በሩን ከነጥብ ሥራው አውጥተን ለጥ ባለ አንድ አረንጓዴ ቀባነው።